«ጾም» የሚለው ቃል የት ሄደ?

በ1954 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስና «አዲሱ መደበኛ ትርጉም» የተባለውን ጎን ለጎን ዘርግቶ የማርቆስ ወንጌል 9፥29ን የሚያነብ ሰው አንድ ቃል ይጎድልበታል። ደቀ መዛሙርቱ ርኩስ መንፈሱን ማስወጣት ለምን እንዳቃታቸው ሲጠይቁ፣ የኢየሱስ መልስ በቀድሞው ትርጉም ጸሎትንና ጾምን ይጠራል። በአዲሱ ግን ጸሎት ብቻ ነው።

ተርጓሚው ዘሎት ነው? አይደለም። ልዩነቱ የመጣው ከአማርኛው ሳይሆን ከግሪክኛው ነው።

የወንጌሉ የመጀመሪያ ጽሑፍ በእጃችን የለም፤ ያሉት በእጅ የተገለበጡ ቅጂዎች ናቸው። ከእነዚህ አብዛኞቹ «ጾም»ን ይዘዋል። በኢራስመስ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1516 የታተመው የግሪክኛ አዲስ ኪዳንም የተከተለው እነሱን ነው። ይሁን እንጂ በአራተኛው መቶ ዘመን የተጻፉት የቫቲካንና የሲና ቅጂዎች ቃሉ የላቸውም። በሲናው ላይ «ጾም»ን የጨመረው በኋላ የመጣ አራሚ ነው።

ብዙ ሊቃውንት ነገሩን እንዲህ ያስረዳሉ፦ ጸሎትና ጾም በቤተ ክርስቲያን ሕይወት የማይነጣጠሉ ስለነበሩ፣ ገልባጩ አንዱን ሲጽፍ ሌላውን ማስከተሉ አያስገርምም። የተወደደ ቃል ሆን ብሎ የሚፋቅበት ምክንያት ግን ብዙም አይታይም። ሆኖም ገልባጭ በስሕተትም ቃል ሊዘል ስለሚችል፣ የብዙኃኑን ቅጂ የሚመርጡ አሉ።

አዲሱ ትርጉም ጾምን ከሃይማኖቱ አላወጣም። በማቴዎስ 6፥16 ያለው የጾም ትምህርት በሁለቱም ትርጉሞች እንዳለ ነው።