«ሰላም» እና «ላም» በሠንጠረዥ ላይ

«ሰላም» ከሚለው ቃል የመጀመሪያውን ፊደል ብንሰርዝ «ላም» ይቀራል። የሠራነው ሥራ አንድ ብቻ ስለሆነ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት 1 ነው እንላለን። ይህ የአርትዖት ርቀት ይባላል፤ አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመለወጥ የሚበቃው ትንሹ የሥራ ብዛት ነው። የተፈቀዱት ሥራዎች ሦስት ናቸው፦ ፊደል መሰረዝ፣ ማስገባትና በሌላ መተካት። ሐሳቡን በ1965 ያወጣው ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ቭላድሚር ሌቨንሽታይን ነው። ፊደል የሚያርም ፕሮግራም ለተሳሳተ ቃል የቅርብ ቃል ሲፈልግ በዚህ ርቀት ሊለካ ይችላል።

በአጭር ቃል ርቀቱ በዓይን ይታያል። ቃሉ ሲረዝም ግን አማራጩ ስለሚበዛ በሠንጠረዥ እንሠራለን። የ«ሰላም»ን ፊደላት ወደ ታች፣ የ«ላም»ን ወደ ጎን እንደርድር።

```
       ላ  ም
    0  1  2
ሰ   1  1  2
ላ   2  1  2
ም   3  2  1
```

ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ ለመረዳት አንድ ሳጥን ምን እንደሚናገር ማወቅ ይበቃል። እያንዳንዱ ሳጥን «እስከዚህ ያለውን የግራውን ቃል፣ እስከዚህ ወዳለው የላይኛው ቃል ለመለወጥ ስንት ሥራ ይፈጃል?» ለሚል ጥያቄ መልስ ነው። የመጀመሪያው ረድፍና የመጀመሪያው ዓምድ ከዚህ በላይ ምስጢር የላቸውም። በዓምዱ ግርጌ ያለው 3 «ሰላም»ን ባዶ ለማድረግ ሦስት ፊደል መሰረዝ እንዳለብን ይነግረናል። በረድፉ ጫፍ ያለው 2 ደግሞ ከባዶ ተነስተን «ላም» ለመጻፍ ሁለት ፊደል ማስገባት ግድ መሆኑን ያሳያል። ለእነዚህ ባዶ ቃላት ቦታ ስለሚያስፈልግ ሠንጠረዡ ከቃላቱ ርዝመት በአንድ ረድፍና በአንድ ዓምድ ይበልጣል።

የቀሩት ሳጥኖች ከጎረቤቶቻቸው ይወለዳሉ። ከላይ ካለው ሳጥን 1 ጨምረን ብንመጣ ሰርዘናል፤ ከግራ 1 ጨምረን ብንመጣ አስገብተናል። ከላይ በግራ ጥግ በኩል ካለው ስንመጣ ፊደላቱ አንድ ከሆኑ ምንም አንጨምርም፣ ከተለያዩ ግን ለመተካት 1 እንጨምራለን። ከሦስቱ ትንሹን እንጽፋለን። «ላ» ከ«ላ» ጋር የሚገናኙበትን ሳጥን እንይ። ከላይ 1 ሲደመር 1፣ ማለትም 2፤ ከግራ 2 ሲደመር 1፣ ማለትም 3፤ ከጥጉ ደግሞ 1 ሳይጨመርበት ይመጣል። ትንሹ 1 ነው። እንዲህ ረድፍ በረድፍ ወርደን የመጨረሻው ጥግ ላይ ስንደርስ መልሱን፣ 1ን፣ እናገኛለን።

ሠንጠረዡ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ሲጀመር ነው። ጀማሪ ሁሉንም ሳጥን በ0 ይሞላና ጠርዞቹን ሳያስተካክል ወደ መሀል ይዘልቃል። የሚረሱት ሁለት መስመሮች እነዚህ ናቸው፦

```
for i in range(n+1): D[i][0] = i
for j in range(m+1): D[0][j] = j
```

ያለእነሱ ውጤቱ ምን ይሆናል? በ«ሰ» ረድፍ መጀመሪያ ላይ 1 መሆን የነበረበት 0 ሆኗል፤ «ሰ»ን መሰረዝ በነጻ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ «ላ» ከ«ላ»፣ «ም» ከ«ም» ሲገናኙ ያ ዜሮ በጥጉ በኩል ወርዶ መጨረሻው ሳጥን ይደርሳል። ፕሮግራሙም «ሰላም» እና «ላም» አንድ ቃል ናቸው ይለናል።

ይህን ስህተት ክፉ የሚያደርገው መደበቁ ነው። «አበበ» እና «አበባ»ን ብንሰጠው የተበላሸውም ሠንጠረዥ ትክክለኛውን 1 ይመልሳል፤ ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ጠርዞቹ አልተነኩም። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የምሞክረው በባዶ ቃል ነው። ባዶና «ሰላም» ርቀታቸው 3 መሆን አለበት። 0 ከመጣ ጠርዞቹ አልተሞሉም። 9 ከመጣ ደግሞ ፕሮግራሙ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው፤ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛልና።

ሠንጠረዡ በትክክል ተሞልቶም ድምፅ አያውቅም። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለእሱ ግን ርቀታቸው 2 ነው። የአማርኛ ቃል የሚያወዳድር ሰው ሞክሼ ፊደላትን አስቀድሞ ወደ አንድ መልክ ማምጣት አለበት።

በዜሮ መጀመር ሁልጊዜ ጥፋት አለመሆኑም መታወቅ አለበት። አንድን ቃል በረጅም ጽሑፍ ውስጥ ስንፈልግ ከቃሉ በፊት ያለውን ጽሑፍ መዝለል በነጻ እንዲሆን እንፈልጋለን። ያን ጊዜ የጽሑፉን ጠርዝ ብቻ በዜሮ እንሞላለን፤ የሚፈለገው ቃል ጠርዝ እንደ ቀድሞው 0፣ 1፣ 2 እያለ ይቀጥላል። በዚህ አሞላል «ሰላም» እንደ ጽሑፍ፣ «ላም» እንደ ተፈላጊ ቃል ሲቀርቡ ጥጉ ላይ የሚወጣው 0 ትክክል ነው፤ «ሰላም» ውስጥ «ላም» አለችና።