ስልክ በእጅ ላይ ሲግል

ባለፈው የትንሣኤ ዕለት በብቸና ከተማ ከአንድ ዘመድ ቤት ተገኝተን ነበር። የቤቱ እመቤት ዋሽንግተን ካለችው ልጃቸው ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ ይነጋገራሉ፤ ስልኩ በትራስ ላይ ተደግፎ ገመዱ ከግድግዳው ተሰክቷል። መብራት ጠፍቶ ቆይቶ ገና መምጣቱ ነበርና ሁለቱን ሥራ በአንድ ጊዜ ማድረጋቸው አያስደንቅም። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደ ቆዩ ግን ብርሃኑ በራሱ ደበዘዘ፤ ምስሉም ይቆራረጥ ጀመር። እመቤቲቱ «በበዓል ቀን ተበላሸብኝ!» ብለው አዘኑ።

ስልኩ ግን አልተበላሸም፤ ሙቀት ሲበዛበት ሥራውን መቀነሱ ነበር። ባትሪ ሲሞላ ከሚገባው ኃይል ጥቂቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ይህም የሚበረታው ባትሪው ባዶ ሊሆን በተቃረበበት ጊዜ ነው፤ ፈጣን ቻርጀር ያን ጊዜ አብዝቶ ይሰጣልና። በቪዲዮ ጥሪ ደግሞ ካሜራው፥ ስክሪኑና ምስሉን የሚያዘጋጀው አንጎል ያለ ዕረፍት ይሠራሉ። ኔትዎርኩ ደካማ ከሆነም ስልኩ፥ ከሩቅ ማዶ እንደሚጣራ ሰው፥ ኃይሉን ጨምሮ ይልካል። ትራሱም ሙቀቱ እንዳይወጣ እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል።

እኛም አስቀድመን ገመዱን ነቀልን፤ የጀርባ ሽፋኑን አወጣን፤ ስልኩንም ፀሐይ በማያገኘው መስኮት አጠገብ፥ ኔትዎርክ በሚሻልበት፥ በጠረጴዛ ላይ አቆምነው። የስክሪኑን ብርሃን ወደ ግማሽ አወረድን። ከዚያም በዋትስአፕ Settings ውስጥ Storage and data ከሚለው ገብተን Use less data for calls የሚለውን አበራን። በዚህ ምስሉ ጥቂት ይደበዝዛል፤ ስልኩ የሚልከውና የሚያዘጋጀው ግን ይቀንሳል። አሥር ደቂቃ ያህል ካረፈ በኋላ ጥሪው ቀጠለ። አሁንም ቢግል ኖሮ በሁለቱም ወገን የካሜራውን ምልክት ነክቶ በድምፅ ብቻ መነጋገር ይቀር ነበር፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያበርደው እርሱ ነውና። ልጅቱን ማየት የፈለጉ እናት ግን ይህን በቀላሉ አይቀበሉም!

መብራት ይጠፋል ብሎ ሰግቶ ገመዱን መንቀል የማይችል ሰው በብዙ የሳምሰንግ ስልኮች Settings፥ ቀጥሎ Battery፥ በዚያም ውስጥ Fast charging የሚለውን ፈልጎ ገመዱን ከመሰካቱ በፊት ያጥፋ። ባትሪው በዝግታ ይሞላል፤ ሙቀቱ ግን ይቀንሳል። የሚሻለው አስቀድሞ እስከ ግማሽ ሞልቶ፥ ነቅሎ መደወል ነው።

የጋለውን ስልክ በፍሪጅ ማስገባት አይገባም፤ እርጥበት በውስጡ ሊቋጠር ይችላል። ሞቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ሳይደወልበትና ሳይሰካ የሚግል ከሆነ ግን በዚያው Battery በሚለው ስፍራ ኃይሉን አብዝቶ የሚበላው የትኛው ፕሮግራም እንደ ሆነ ይታያል። የጀርባው ክዳን ካበጠ ወይም ከተነሣ ባትሪው ተጎድቷልና ገመዱን ነቅሎ፥ ሳይጫኑትና ሳይበሱት፥ አጥፍቶ ወደ ጠጋኝ መውሰድ ያስፈልጋል።