ኮርዱ የትኛው ፊደል ላይ ይቀመጥ?

ሊድ ሺት የዘፈን ግጥምንና ኮርዶችን አንድ ላይ የያዘ ወረቀት ነው። ሙሉው ዓይነት ዜማውን በኖታ ይጨምራል፤ ብዙ ባንድና ዘማሪ የሚይዘው ግን ቃልና ኮርድ ብቻ ያለበትን ነው። ኖታ ከሌለ ጊታሪስቱ መቼ ኮርድ እንደሚቀይር የሚያውቀው ኮርዱ ከተቀመጠበት ፊደል ብቻ ነው።

ለምሳሌ «በማለዳ ወጣሁ መንገድ» የሚል ስንኝ በአራት ምት ይዘፈን እንበል። «በ» ከባሩ በፊት ቀድማ የምትገባ መንደርደሪያ ናት፤ የመጀመሪያው ጠንካራ ምት የሚያርፈው «ማ» ላይ ነው። ኮርዱን እንደ ልማድ ከቃሉ መጀመሪያ፣ ከ«በ» በላይ ከጻፍነው፣ ዘፈኑን የማያውቅ ተጫዋች አንድ ምት ቀድሞ ይቀይራል። ትክክለኛው አጻጻፍ ይህ ነው፦

```
በ[Am]ማለዳ ወ[F]ጣሁ መን[G]ገድ
```

የፊደላችን ነገር እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አብዛኛው ፊደል አንድ ቀለም ስለሆነ ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ሳድሱ ግን ያሳስታል። በ«መንገድ» ውስጥ «ን» አናባቢ ስለሌላት ከ«መ» ጋር ተጣብቃ «መን» ትባላለች፤ ኮርድ ሊያርፍባት አይችልም። «ዝናብ» ስንል ግን «ዝ» ራሷን የቻለች ቀለም ናት። ስለዚህ ፊደል መቁጠር አያዋጣም። ስንኙን በእግር ምት እየመቱ ቀስ ብሎ መዝፈንና ጠንካራው ምት ላይ አፍ የከፈተውን ድምፅ ማስመር ይሻላል።

ዘፋኙ አንዱን ቀለም ሲያንቆረቁር ኮርዱ መሐል ላይ ከተቀየረ ደግሞ ቃሉ በሰረዝ ይከፈላል። «ገ» ተስባ ሳለ ሌላ ኮርድ ቢገባ፣ «ድ» መጨረሻ ላይ ትቆያለች፦

```
መን[G]ገ--[Am]--ድ
```

ድምፁ ሳይኖር መሣሪያው ብቻ የሚቀይርበት ቦታ ካለም ኮርዱ ከቃሉ በኋላ ለብቻው ይጻፋል።

ኮርዱን በቅንፍ ከግጥሙ መሐል ማስገባት ቾርድፕሮ የሚባለው አጻጻፍ ነው። ኮርዶቹን ከግጥሙ በላይ ባለ መስመር ላይ በባዶ ቦታ እየገፉ መደርደርም ይቻላል፤ ግን የግዕዝ ፊደላት ስፋታቸው ይለያያል። በኮምፒውተር ላይ ከ«ማ» በላይ በትክክል የተቀመጠው ኮርድ በቴሌግራም ሲላክ ወይም የፊደሉ ቅርጽ ሲቀየር ወደ «ለ» ወይም ወደ «ዳ» ይንሸራተታል። በቅንፍ የተጻፈው ግን ከፊደሉ ጋር ተያይዞ ስለሚሄድ አይላቀቅም። ቾርድፕሮን የሚያነቡ ፕሮግራሞች ኮርዱን ራሳቸው ከፊደሉ በላይ አስቀምጠው ያሳያሉ፤ ለዘፋኙ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ሲያስፈልግም ኮርዶቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ ይቀይራሉ።

ሲያበቃ ወረቀቱን ዘፈኑን ሰምቶ ለማያውቅ ኪቦርድ ተጫዋች ሰጥቶ ዘፋኙን እንዲያጅብ ማድረግ ነው። ኮርዱ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የገባበት ፊደል ካለ፣ መታረም ያለበት ያ ቦታ ነው።