ጉራማይሌ ንግግር የራሱ ሕግ አለው

ሁለት ቋንቋ የሚችሉ ሰዎች እርስ በርስ ሲያወሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። አንዳንዴ አንድ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ጨርሰው ቀጣዩን በእንግሊዝኛ ይጀምራሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ ሽግግሩ እዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይሆናል። የመጀመሪያው ዓይነት ለሰዋስው ብዙ ጥያቄ አያስነሳም፤ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በየራሱ ቋንቋ ሕግ ይገነባልና። የቋንቋ ሊቃውንትን ለብዙ ዓመታት ያከራከረው ሁለተኛው ነው። ሁለት ሰዋስው በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲገናኙ የማን ሕግ ይሠራል? መሻገርስ የሚቻለው የት የት ላይ ነው?

ጥያቄው ለረጅም ጊዜ እንደ ጥያቄ እንኳ አይቆጠርም ነበር። በዘርፉ ስመ ጥር የሆነው ዩሪኤል ዋይንራይክ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሁለት ቋንቋ በሚገባ የሚችል ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር መሀል ቋንቋ አይቀይርም የሚል አቋም ይዞ ነበር። ይህን አመለካከት በእጅጉ የለወጠው ሻና ፖፕላክ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣችው ጥናት ነው። ፖፕላክ በኒው ዮርክ ኢስት ሃርለም የሚኖሩ 20 የፖርቶ ሪኮ ተወላጆችን ንግግር ቀርጻ ስፓኒሽና እንግሊዝኛ የተቀያየሩባቸውን 1,835 ቦታዎች አንድ በአንድ መረመረች። ሽግግሩ በዘፈቀደ የሚደረግ ሆኖ አላገኘችውም።

ከዚህ በመነሳት ሁለት ሕጎች አቀረበች። አንደኛው የቅደም ተከተል ሕግ ነው፤ ሰው የሚሻገረው የሁለቱ ቋንቋዎች የቃላት ቅደም ተከተል በሚገጥምበት ቦታ ነው። እንግሊዝኛ ቅጽልን ከስም ያስቀድማል፤ ስፓኒሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሙን አስቀድሞ ቅጽሉን ያስከትላል። ስለዚህ በቅጽልና በስም መካከል መሻገር ከሁለቱ የአንዱን ሥርዓት ማፍረሱ ስለማይቀር ተናጋሪዎች ይሸሹታል። ሁለተኛው የቅጥያ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የአንዱ ቋንቋ ቅጥያ በሌላው ቋንቋ ግንድ ላይ አይለጠፍም። ለምሳሌ «ኢት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ጋር የስፓኒሹን «ኢየንዶ» አጋጥሞ «ኢትየንዶ» የሚል ሰው አይገኝም። በመረጃው ውስጥ እነዚህን ሕጎች የጣሱት ሽግግሮች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር።

ሕጎቹ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ሲወሰዱ ግን ችግር ገጠማቸው። አማርኛ አንዱ ማሳያ ነው። በአዲስ አበባ ቢሮዎች ከሚሰሙት ዓይነት አንድ ዐረፍተ ነገር እንውሰድ፦ «ቦሱ ሚቲንጉን ካንስል አደረገው።» እዚህ ላይ «ቦስ» እና «ሚቲንግ» የእንግሊዝኛ ግንዶች ናቸው፤ የተለጠፉባቸው «ኡ» እና «ን» ግን የአማርኛ ቅጥያዎች ናቸው። የፖፕላክ የቅጥያ ሕግ ይህን ይከለክላል። እሷና ባልደረቦቿ ለእንዲህ ዓይነቱ ተቃውሞ የሰጡት መልስ፣ ቃሉ በዚያች ቅጽበት እንደ ብድር ተወስዶ የተቀባዩን ቋንቋ ሥርዓት ስለያዘ ነገሩ ቋንቋ መቀየር አይደለም የሚል ነበር። ሌሎች ደግሞ ይህ መልስ ሕጉን ለማዳን የተበጀ ማምለጫ ነው ብለው ተቹት።

የተሻለ የሚያስኬደው ማብራሪያ ካሮል ማየርስ ስኮተን ናይሮቢ ውስጥ የተቀረጸ የስዋሂሊና የእንግሊዝኛ ንግግር አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረበችው ነው። በእሷ አስተያየት በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱ ቋንቋዎች እኩል አይደሉም። አንዱ መዋቅሩን ይሠራል፤ ሌላው ቃላት ያቀብላል። የቃላቱን ቅደም ተከተል የሚወስነው መዋቅር ሠሪው ነው። ግሡን ከባለቤቱ ጋር የሚያስማሙ ምልክቶችና የሙያ አመልካቾችም የሚመጡት ከእሱ ነው። እንግዳው ቋንቋ የሚያገባው በአብዛኛው ትርጉም ተሸካሚ ቃላትን፣ ማለትም ስም፣ ግሥና ቅጽልን ነው።

የቢሮው ዐረፍተ ነገር በዚህ ዓይን ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ተሳቢው ከግሡ ይቀድማል፤ ይህ የአማርኛ ሥርዓት ነው። ተሳቢነቱን የሚያሳየው «ን»፣ እርግጠኝነትን የሚያመለክተው «ኡ»፣ በግሡ መጨረሻ ያለው «ው» ሁሉም አማርኛ ናቸው። «ትልቁ ፕሮብሌም» ሲባልም «ኡ» ከስሙ ላይ ተነሥቶ በቅጽሉ ላይ ያርፋል፤ «ትልቁ ችግር» እንደሚባለው ማለት ነው። ነገሩ ተገልብጦ «ቦሱ ካንስልድ ዘ ስብሰባ» ቢባል ግን ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ይጎረብጣል። ዐረፍተ ነገሩ በአማርኛ መዋቅር ተጀምሮ ሳለ ግሡ ከተሳቢው ቀድሟል፤ ኃላፊ ጊዜውን የያዘው የእንግሊዝኛ ቅጥያ ነው፤ «ዘ»ም የ«ኡ»ን ሥራ ቀምቷል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚስበው የግሡ ነገር ነው። በናይሮቢ ንግግር የስዋሂሊ ቅድመ ቅጥያ በቀጥታ ከእንግሊዝኛ ግሥ ጋር ይጣበቃል፤ «ሲኩ» ከ«ካም» ጋር ተጋጥሞ «ሲኩካም»፣ «አልመጣሁም» ይሆናል። አማርኛ ይህን አይፈቅድም። የአማርኛ ግሥ የሚረባው በሥር ፊደላቱ መካከል አናባቢ እየተፈራረቀ ስለሆነ «ካንስል»ን እንደ «ሰበረ»፣ «ይሰብራል» ማርባት አይቻልም። ይሁን እንጂ ቋንቋው ቀድሞውኑ ሌላ በር ነበረው፦ «ዝም አለ»፣ «ብድግ አደረገ»። በእነዚህ ውስጥ የፊተኛው ቃል ሳይረባ ይቀመጣል፤ እርባታውን የሚሸከመው የኋለኛው ነው። የእንግሊዝኛው ግሥ የሚቀመጠውም በዚሁ በፊተኛው ቃል ቦታ ነው፦ «ሴቭ አደረገ»፣ «ዳውንሎድ አደረገች»፣ «ካንስል ሆነ»። በግሥ ላይ የሚለጠፈው «ስለ» እንኳ ይህን ሥርዓት ይጠብቃል። የሚባለው «ካንስል ስላደረጉት» ነው፤ «ስለካንስል አደረጉት» የሚል የለም።

መዋቅር ሠሪው እንግሊዝኛ ሲሆን ሁሉም ነገር ይገለበጣል። አሜሪካ ውስጥ ያደገ የኢትዮጵያውያን ልጅ «አይ ዎንት እንጀራ» ይላል። እንጀራ ተሳቢ ቢሆንም ከግሡ በኋላ ይመጣል፤ «ን»ም አይከተለውም። «አይ ዎንት እንጀራን» አለማለቱ፣ ቃሉ ከአማርኛ ቢመጣም ሰዋስው ይዞ እንዳልመጣ ያሳያል። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ መዋቅር ሠሪው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የቃላት ብዛት አያስተማምንም፤ በቢሮው ዐረፍተ ነገር ከአራቱ ቃላት የሦስቱ ግንድ እንግሊዝኛ ነው። መታየት ያለበት ቅጥያዎቹና የግሡ ማሠሪያ ከየት እንደመጡ ነው።

ይህም ማብራሪያ ወሰን አለው። ሁለቱ ቋንቋዎች በመዋቅር በጣም ሲቀራረቡ የትኛው መዋቅር እንደሠራ መለየት ያስቸግራል። አንድ ማኅበረሰብ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው በመሸጋገር ላይ ሲሆንም መዋቅሩ ራሱ ሊደባለቅ ይችላል። የመረጃ አሰባሰቡም ጥንቃቄ ይሻል። ሰው «እንዲህ ትላለህ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መቀላቀል እንደ ነውር ስለሚታይ፣ በየቀኑ የሚናገረውን ሳይቀር «አልልም» ይላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከመጠይቅ ይልቅ ሳይታሰብበት የተነገረ ንግግር ቀርጸው መቁጠርን ይመርጣሉ።

ጉራማይሌ የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ቋንቋ በቅጡ አያውቅም ተብሎ ይታማል። የፖፕላክ ውጤት ተቃራኒውን ያሳያል። በዐረፍተ ነገር መሀል አብዝተው የተሻገሩት ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፈው የሚናገሩት ነበሩ፤ በአንዱ ቋንቋ የደከሙት ግን በአብዛኛው እንደ «ዩ ኖው» ያሉ፣ የትም ቢገቡ መዋቅር የማይነኩ ቁርጥራጮች ጣል ከማድረግ ብዙም አያልፉም ነበር። ሁለት ሰዋስው ሳያጋጩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ማስኬድ ሁለቱንም ማወቅ ይጠይቃል።