ከፀጉሩ ሥር ያለውን ፎቶ ላኩልኝ

የውሻና የድመት ፀጉር የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች ቀጠሮ ከመስጠታቸው በፊት ፎቶ በቴሌግራም ላኩልን ይላሉ። የሚላክላቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሻው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ካሜራውን እያየ የተነሳው፣ ባለቤቱ የሚወደው ፎቶ ነው። ከዚያ ፎቶ ላይ የእንስሳው ፊት፣ ቀለሙና መጠኑ ይታወቃል። ፀጉሩ ተቋጥሮ እንደሆነ ለማወቅ ግን ብዙም አይረዳም፤ ፀጉር መቋጠር የሚጀምረው ከቆዳው አጠገብ ሲሆን ፎቶው የሚያሳየው ጫፍ ጫፉን ነው።

ቋጠሮ እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅ ፎቶውን ለማንበብ ይጠቅማል። ብዙ ውሾችና ድመቶች ሁለት ዓይነት ፀጉር አላቸው፤ ከላይ ረጅምና ጠንከር ያለ፣ ከሥሩ ደግሞ አጭርና ለስላሳ። የውስጡ ፀጉር ጊዜው ሲደርስ ይረግፋል። አጭር ፀጉር ባለው ውሻ ላይ መሬት ላይ ይወድቃል፤ ረጅም ወይም ጥቅልል ፀጉር ባለው ላይ ግን መውጫ አጥቶ በቆመው ፀጉር መካከል ይቀራል። እዚያ ላይ ፍትጊያና እርጥበት ሲጨመርበት፣ የበግ ሱፍ ተጠቅጥቆ ቆብ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ፀጉሩ አንድ ወጥ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ቋጠሮ የሚበዛው የሚፋተግ ቦታ ላይ ነው፦ ከጆሮ ጀርባ፣ ከአንገት ቀበቶው ሥር፣ ብብት ውስጥ፣ በጭኖች መካከል፣ ከጭራው ሥር። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ውሻ ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም አያሳይም።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። ቡቺ ነጭ፣ ፀጉሩ ጥቅልል ያለ፣ ከፑድል የተዳቀለ የ11 ወር ውሻ ነው እንበል። ባለቤቱ ፎቶውን ልካ «ፀጉሩ ደህና ነው፣ በየቀኑ እቦርሸዋለሁ፤ ጫፍ ጫፉን ብቻ ከርክሙልኝ» ትላለች። ፎቶው ላይ ቡቺ በእርግጥ ያምራል። ጀርባው ላይ ያለው ፀጉር ለየብቻው ቆሟል፤ በመስኮቱ በኩል የገባው ብርሃን በፀጉሩ መካከል ያልፋል። ጆሮው ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ጫፉ ላይ ያለው ፀጉር ተለያይቶ ከመንጠልጠል ይልቅ እንደ አንድ ቁራጭ ወፍሮ ተንጠልጥሏል፤ ጆሮው ከጉንጩ ጋር በሚገናኝበት ቦታም ጥቁር ጥላ የሚጥል እብጠት አለ። የፊት እግሮቹ ደግሞ ከላይ እስከ ታች እኩል ወፍራም ናቸው። ጤነኛ ጥቅልል ፀጉር እግር ላይ ሲሆን ይንቀጠቀጣል፣ ይበተናል፣ ወጣ ገባ ይላል። ሲሊንደር የሚመስል እግር ሲታይ ከሥሩ ምን እንዳለ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ባለሙያዋ ሦስት ተጨማሪ ፎቶዎች ትጠይቃለች። አንደኛው ጆሮው ወደ ላይ ተገልብጦ ከጀርባው፤ ሁለተኛው የፊት እግሩ ትንሽ ወደ ጎን ተደርጎ ብብቱ። ሦስተኛው ከሁሉም የሚበልጠው ነው፦ የኋላ እግሩ ላይ ያለው ፀጉር በጣት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተከፍሎ፣ የብረት ማበጠሪያ ከቆዳው አጠገብ ገብቶ። ሦስቱም ፎቶዎች በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ብርሃኑ ከጎን እየመጣ መነሳት አለባቸው። ፍላሽ ከፊት ለፊት ስለሚያበራ ጥላዎቹን ያጠፋል፤ ቋጠሮን የሚያሳየው ደግሞ ያ ጥላ ነው። በነጭ ውሻ ላይ ችግሩ ይብሳል፤ ፀጉሩ በብርሃን ብዛት አንድ ነጭ ነገር ሆኖ ይቀራል። ጥቁር ውሻ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ጨለማ ውስጥ ይሰወራል። የስልኩ ፊልተርና ዳራውን የሚያደበዝዘው ፖርትሬት የሚባለው አነሳስ የፀጉሩን ዝርዝር ስለሚያለሰልሱት ሁለቱም መጥፋት አለባቸው።

የጆሮው ፎቶ መጣ። ከጆሮው ጀርባ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያክል ቋጠሮ አለ፤ ዙሪያውን ያለው ቆዳ ወደ ቋጠሮው ተስቦ ቀላ ብሏል። ብብቱ ላይ ቆዳው ፈጽሞ አይታይም፤ ፀጉሩ እንደ ጨርቅ አንድ ላይ ተነስቷል። በሦስተኛው ፎቶ የማበጠሪያው ጥርሶች እስከ ቆዳው መድረስ አቅቷቸው መሃል ላይ ቆመዋል። ከማበጠሪያው በላይ ያለው ፀጉር የተበጠረና ለስላሳ ነው፤ ከበታቹ ያለው ግን ተጠቅጥቋል።

እዚህ ላይ ባለቤቷ ዋሽታለች ማለት አይደለም። በየቀኑ ትቦርሸዋለች፤ ብሩሹ ግን የሚያልፈው ከላይ ብቻ ነው። ረጅምና ጥቅልል ፀጉር ባላቸው ውሾች ላይ በብዛት የሚታየው ችግር ይኸው ነው፤ ባለቤቱን መውቀስም አይጠቅምም። ማሳየት ነው የሚሻለው፦ ፀጉሩን በመስመር ከፍሎ፣ ቆዳው ሲታይ ከሥሩ ጀምሮ ወደ ጫፍ፣ መስመር በመስመር መቦረሽ፤ ከዚያም በብረት ማበጠሪያ መፈተሽ። ማበጠሪያው ከቆዳ ተነስቶ ሳይያዝ ከወጣ ያ ቦታ ተበጥሯል። ከተያዘ አልተበጠረም።

የቡቺ ዕድሜም ከነገሩ ውስጥ አለ። ፑድልና የፑድል ዲቃላዎች የቡችላነት ፀጉራቸውን በአዋቂ ፀጉር የሚተኩት አንድ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረቡ ነው። በእነዚያ ወራት፣ እስከዚያ ድረስ በቂ የነበረው መቦረሽ በቂ መሆኑ ይቀራል። መታጠብም ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል። ያልተበጠረ ፀጉር ታጥቦ በራሱ ጊዜ ሲደርቅ ቋጠሮው ይጠብቃል፤ ስለዚህ ማበጠር ከመታጠብ በፊት ነው፣ ከታጠበም በኋላ እያበጠሩ በደንብ ማድረቅ።

አሁን ውሳኔው፦ ይፈታ ወይስ ይላጭ? በፎቶው ላይ የሚታየው ዋናው ምልክት በቋጠሮውና በቆዳው መካከል ክፍተት መኖር አለመኖሩ ነው። ቋጠሮው ፀጉሩ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ቆዳው ከታየ፣ የፀጉሩን ሥር በጣት ይዞ ከጫፍ ጀምሮ ቀስ እያሉ መፍታት ይቻላል። ከቆዳው ጋር ከተጣበቀና ሰፊ ቦታ ከያዘ ግን መፍታቱ ለውሻው ስቃይ ብቻ ነው። ቡቺ ብብቱም እግሩም ተጣብቋል። ስለዚህ መልሱ «ጫፍ ጫፉን መከርከም አይቻልም፤ በቶንዶስ በአጭሩ ይቆረጣል» የሚል ይሆናል። ባለቤቷ ልታዝን ትችላለች፣ ፀጉሩ ግን ይበቅላል።

ቤት ውስጥ በመቀስ ለመቁረጥ መሞከር እጅግ አደገኛ ነው። ቋጠሮው ቆዳውን ወደ ውስጡ ስቦ ስለሚይዝ ፀጉር ብቻ የሚመስለው ነገር ውስጥ ቆዳ አለ። የእንስሳት ሐኪሞች በዚህ ምክንያት የተቆረጠ ቆዳ ይሰፋሉ፤ ቆዳዋ ስስ በሆነው በድመት ላይ ደግሞ ይብሳል። ጆሮ ላይ የነበረ ቋጠሮ ሲነሳም ጥንቃቄ ያሻል። ውሻው ጆሮው ሲቀለው ራሱን ደጋግሞ ስለሚያርገፈግፍ የጆሮው ልጥ ውስጥ ደም ተቋጥሮ ሊያብጥ ይችላል፤ ይህ ከታየ ወደ ሐኪም ነው።

ከተቆረጠ በኋላ ቡቺ በየሁለት ቀኑ ከሥር እስከ ጫፍ ይበጠራል፤ በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱም ይከረከማል። ፀጉሩ አጭር በሆነበት ጊዜ መጀመሩ ውሻውም ባለቤቱም እንዲለምዱት ያደርጋል።

የሚረግፍ ፀጉር ፎቶ ላይ ሌላ መልክ አለው። እንደ ጀርመን ሸፐርድ ባሉ ወፍራም የውስጥ ፀጉር ባላቸው ውሾች ላይ፣ ጭኑና ጎኑ ላይ ከቀረው ፀጉር ቀለል ያለ ቀለም ያለው፣ ጥጥ የመሰለ ብጥስጣሽ ወጣ ወጣ ብሎ ይታያል። በጣት ሲያዝ ያለ ሕመም ይወጣል። ይህ ጤነኛ መርገፍ ነው፤ በዚያ ሰሞን በየቀኑ የውስጡን ፀጉር በሚያወጣ ማበጠሪያ ማበጠር፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይበቃዋል። ይህን ዓይነት ውሻ «እንዲቀለው» ብሎ መላጨት አይመከርም፤ ፀጉሩ ሳይስተካከል ወይም በጣም ዘግይቶ ሊበቅል ይችላል። ፎቶው ላይ ባዶ ቆዳ፣ ቅርፊት፣ መቅላት፣ ወይም በሁለቱም ጎን እኩል የሳሳ ቦታ ከታየ ግን ጉዳዩ የማበጠሪያ አይደለም፤ ሐኪም ማየት አለበት።

የመርገፍ ወቅት ከቀኑ ርዝመት ጋር የተያያዘ ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ውሻ ብርዱ ሲያልቅና ሊጀምር ሲል በብዛት ይረግፋል። አዲስ አበባ ላይ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ ከውጭ አገር የተጻፈ የመርገፍ ቀን መቁጠሪያ እዚህ ላይሠራ ይችላል። እዚህ የሚሻለው የራስን ውሻ በወር አንዴ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን ፎቶ እያነሱ ማወዳደር ነው።

ድመት ላይ ደግሞ የቋጠሮው ቦታ ራሱ መረጃ ነው። ድመት ራሷን የምታሰናዳ እንስሳ ናት። አንገቷና ደረቷ የጸዳ ሆኖ ከወገቧ በታች፣ ጭራዋ አካባቢ ያለው ፀጉር ዘይታም፣ ቅርፊት ያለበትና በእሾህ በእሾህ የተሰነጣጠቀ ሆኖ ከታየ ምላሷ እዚያ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ውፍረት ወይም በዕድሜ የመጣ የመገጣጠሚያ ሕመም ሊሆን ይችላል። መላ ሰውነቷ ላይ ከሆነ የጥርስ ወይም የአፍ ሕመም፣ ወይም ሌላ የውስጥ በሽታ ይጠረጠራል። ሆዷ ላይ ፀጉሩ ተላጭቶ እንደቀረ አጫጭር ከሆነ ደግሞ ከልክ በላይ እየላሰች ነው፤ ይህም ከቁንጫ፣ ከአለርጂ ወይም ከጭንቀት ሊመጣ ይችላል። ለእንዲህ ያለች ድመት ብሩሽ መግዛቱ ብቻ መልስ አይሆንም። በብዛት የተቋጠረች ድመትም ቤት ውስጥ ተይዛ ከምትታገል ሐኪም ዘንድ በማደንዘዣ ብትላጭ ይሻላል።

የፎቶ ምዘና ወሰኑም እዚህ ላይ ነው። ከተጣበቀው ፀጉር ሥር ያለውን እርጥበት፣ ሽታውንና ሙቀቱን ፎቶ አያሳይም፤ ሲነካ እንስሳው ማመሙን አለማመሙንም እንዲሁ። ስለዚህ ባለሙያዋ ከፎቶዎቹ ጋር ሦስት ጥያቄዎች ትጠይቃለች፦ ቦታው ይሸታል? ሲነኩት ይሸሻል ወይም ይናከሳል? እርጥብ ነገር ወይም ዝንብ አይታችሁበታል? ለአንዱ እንኳ መልሱ «አዎ» ከሆነ የምትሰጠው ቀጠሮ አይኖርም፤ የምትልከው በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው፣ ያውም በዚያው ቀን።