የጥር 9 ቲኬት

አንድ መንገደኛ የ2018 ዓ.ም. ጥምቀትን ጎንደር ለማክበር አስቧል እንበል። ቅዳሜ ጥር 9 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ከተራውንና ጥምቀቱን ውሎ፣ ቃና ዘገሊላንም አይቶ ረቡዕ ጥር 13 ሊመለስ ነው። ቲኬቱን በስልኩ ሲቆርጥ ግን መሄጃውን ጃንዋሪ 9፣ መመለሻውን ጃንዋሪ 13 አድርጎ ከፈለ። ጃንዋሪ 9 የዋለው ዓርብ ጥር 1 ቀን ነው። በዚህ ቲኬት ከሄደ ጥር 5 ተመልሶ ቤቱ ይገባል፤ ታቦታቱ ሲወጡ እሱ ጎንደር የለም።

እንዲህ ያለው ስሕተት ሲደርስ ለቲኬት ቢሮው የሚጻፈው ደብዳቤ አጭር ነው፤ ይህን ይመስላል፦

ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለቲኬት ቢሮው
ጉዳዩ፦ የበረራ ቀን እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ
የቦታ ማስያዣ ኮዴ K7MXPD ነው፤ የቲኬት ቁጥሬንና ስሜን ከግርጌ ጽፌአለሁ። ከአዲስ አበባ ጎንደር ደርሶ መልስ የቆረጥሁት በስሕተት ለጃንዋሪ 9 እና 13 ቀን 2026 ነው። የምፈልገው ጥር 9 እና 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለትም ቅዳሜ ጃንዋሪ 17 እና ረቡዕ ጃንዋሪ 21 ቀን 2026 ነው። በእነዚያ ቀናት ቦታ ካለ ሁለቱም በረራዎች እንዲቀየሩልኝ፣ ከመቀየሩ በፊትም የምከፍለው ልዩነት እንዲነገረኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
ከሰላምታ ጋር

ደብዳቤው ውስጥ ዋናው ነገር ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ከነዕለቱ መጻፉ ነው። መንገደኛው «ጥር 9 ነው የምፈልገው» ብቻ ቢል፣ ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯ ላይ 09JAN ታያለችና «ቲኬትዎ እኮ ጥር 9 ነው» ብላ ልትመልሰው ትችላለች፤ ብዙ ሰው ጃንዋሪንም ጥር ብሎ ይጠራልና። ቅዳሜ የሚለው ቃል ሲጨመር ግን ጥያቄው ይጠራል፤ 09JAN ዓርብ ነውና። ቀኑን በቁጥር ብቻ መጻፍም አይበጅም። 09/01ን አሜሪካ የለመደ ሰው ሴፕቴምበር 1 ብሎ ያነበዋል። የሁለቱ አቆጣጠሮች ርቀትም እንደየወሩ ይለያያል፦ በ2018 ዓ.ም. መስከረም ላይ 10 ቀን፣ ጥር ላይ 8፣ ነሐሴ ላይ 6 ነው። ስለዚህ በግምት ከመደመር ሁለቱም ቀን ያለበትን ካሌንደር መመልከት ይሻላል።

ኮዱ ስድስት ፊደላትና ቁጥሮች ያሉበት ነው፤ ሠራተኛዋ በእሱ ፋይሉን ትከፍታለች። የቲኬት ቁጥሩ ደግሞ 13 አሃዝ አለው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲኬት ከሆነ በ071 ይጀምራል። ገንዘቡ የተያዘው በዚህ ቁጥር ስለሆነ፣ ቦታው ተቀይሮ ቲኬቱ ካልታደሰ ሥራው ግማሽ ነው። ቲኬቱን የቆረጠው የጉዞ ወኪል ከሆነም ደብዳቤው በቅድሚያ ወደዚያው ቢሄድ ይመረጣል፤ አየር መንገዱ ብዙውን ጊዜ ወደ ቆረጠው ወኪል ይመልሳልና።

ክፍያው ሁለት ነገር ነው፤ ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ስለሚያየው ቅር ይሰኛል። አንዱ የመቀየሪያ ቅጣት ነው፤ ልኩ በቲኬቱ ደንብ ላይ ተጽፏል፣ አንዳንድ ቲኬት ላይም ጭራሹን የለም። ሌላው የዋጋ ልዩነት ነው። የአንድ አውሮፕላን ወንበሮች በተለያየ ዋጋ ተከፋፍለው ይሸጣሉ፤ በጥምቀት ሰሞን ርካሾቹ ቀድመው ያልቃሉ። መንገደኛችን በ6,000 ብር ቆርጦ ከነበረና ለአዲሶቹ ቀናት የቀረው ርካሽ ዋጋ 7,500 ብር ቢሆን፣ ቅጣቱም 500 ብር ቢሆን፣ የሚጨምረው 2,000 ብር ነው። ቅጣቱ ቢማርለት እንኳ 1,500ው ይቀራል። «ከመቀየሩ በፊት ይነገረኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የገባው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው መዘግየት ነው። የድሮው በረራ ከመነሣቱ በፊት ቦታው ካልተለቀቀ መንገደኛው «አልቀረበም» ተብሎ ይመዘገባል፤ ያን ጊዜ ቅጣቱ ሊከብድ፣ ቲኬቱም ዋጋ ሊያጣ ይችላል። መሄጃው ከቀረ ደግሞ መመለሻው አብሮ የሚሰረዝበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ የቀረው ጊዜ አጭር ከሆነ ደብዳቤውን ልኮ መቀመጥ አይበቃም፤ መደወል ወይም ቢሮው ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ከአሜሪካ ለሚነሣ ወይም ወደዚያ ለሚሄድ በረራ ግን አንድ ዕድል አለ። ቲኬቱ ከአየር መንገዱ በቀጥታ፣ ከጉዞው ሰባት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ቀደም ብሎ ከተገዛ፣ አየር መንገዱ ወይ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት ማሰረዝን መፍቀድ፣ ወይ ሳያስከፍል ቦታና ዋጋ ለ24 ሰዓት መያዝ አለበት። ማሰረዝ የሚፈቀድ ከሆነ ቀን የተሳሳተ ሰው በዚያው ዕለት ሰርዞ እንደ አዲስ ቢቆርጥ ከማስቀየር ይቀልለታል።

«ተቀይሯል» የሚል መልስ ሲመጣ አዲሱን ቲኬት ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። 17JAN እና 21JAN ተጽፎ በአጠገባቸው HK ወይም OK ካለ ቦታው ተይዟል። HL ካለ ግን መንገደኛው የተጠባባቂዎች ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ቦታ እስኪገኝ ድረስ በዚያ ቀን ለመብረሩ እርግጠኛ መሆን አይችልም።