የታካሚውን ካርድ ማን ይክፈት?

አንድ ሆስፒታል የታካሚዎችን ካርድ ከመደርደሪያ ወደ ኮምፒዩተር ሲያዛውር፣ የትኛው ሠራተኛ የትኛውን ካርድ ይክፈት የሚለውን አብሮ መወሰን አለበት። የተለመደው መልስ ፈቃድን በሥራ ድርሻ መስጠት ነው። ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ ገንዘብ ተቀባይ የሚሉ ድርሻዎች ይዘጋጃሉ፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ለድርሻው ነው፤ ሠራተኛው ከተመደበበት ድርሻ ጋር ፈቃዱን ያገኛል፣ ሲለቅም አብሮ ያጣል። አሜሪካውያኑ ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1992 በጽሑፍ መልክ አስይዘውታል። ትልቁ ጥቅሙ ግልጽነቱ ነው። ተቆጣጣሪ መጥቶ «መድኃኒት ማዘዝ የሚችለው ማን ማን ነው?» ቢል፣ የስም ዝርዝሩ ወዲያው ይወጣል።

ችግሩ የሚመጣው «ነርስ» የሚለው ድርሻ የሁሉንም ታካሚ ካርድ ሲከፍት ነው። የሕፃናት ክፍል ነርስ የአእምሮ ሕክምና ታካሚን ታሪክ የምታነብበት ምክንያት የለም። ይህን በድርሻ ብቻ ለመገደብ የሚሞክር ሆስፒታል 8 ክፍሎችና 3 ፈረቃዎች ካሉት፣ ለነርሶች ብቻ 24 ድርሻዎች ያስፈልጉታል። አንድ ሰው ብቻ ያለባቸው ድርሻዎች መብዛት ሲጀምሩ፣ ወይም ክፍል የቀየረች ነርስ የድሮው ፈቃድ ሳይነሳላት አዲስ ሲደረብላት፣ አሠራሩ አቅሙን እንደጨረሰ ይታወቃል።

በባሕርይ ላይ የተመሠረተው አሠራር ፈቃዱን አስቀድሞ አያድልም፤ ካርዱ ሊከፈት ሲል ይጠይቃል። ጠያቂዋ ነርስ ናት? የተመደበችበት ክፍልና ታካሚው የተኛበት ክፍል አንድ ነው? ሰዓቱ የእሷ ፈረቃ ነው? ሦስቱም ከተሟሉ ይከፍታል። ሃያ አራቱ ድርሻዎች በአንድ ደንብ ይተካሉ።

ደንቡ ግን የሚያምነው የተመዘገበውን ነው። ሌሊት ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተዛወረ ታካሚ ዝውውሩ እስከ ጠዋት ካልተመዘገበ፣ አጠገቡ ያለችው ነርስ ትከለከላለች፤ የቀድሞ ክፍሉ ነርሶች ግን ካርዱን ማየታቸውን ይቀጥላሉ። ለዚህ ሲባል የአስቸኳይ ጊዜ መክፈቻ ይበጃል፦ ነርሷ ምክንያቷን ጽፋ ትከፍታለች፣ ድርጊቱ ይመዘገባል፣ ኋላም ኃላፊ ያየዋል። ይህ መክፈቻ የዕለት ተዕለት መግቢያ ከሆነ፣ ምዝገባው ከሥራው ወደኋላ ቀርቷል ማለት ነው። «ይህን ካርድ ማን ማን ሊከፍት ይችላል?» ለሚለው ጥያቄም መልሱ እንደየሰዓቱ ስለሚለዋወጥ፣ ከዝርዝር ላይ አይነበብም።

ሠራተኞቹ ጥቂት፣ የሥራ ክፍፍሉም የጠራ ክሊኒክ በድርሻ ቢቆይ ይሻለዋል። ብዙ ክፍሎችና ፈረቃዎች ላሉት ሆስፒታል፣ ድርሻዎቹን ሳያፈርስ ጥቂት ደንቦችን ከላያቸው ቢጨምር እመርጣለሁ፤ መጀመሪያም እንደ አእምሮ ሕክምናና ኤችአይቪ ባሉ ምስጢራቸው ሲወጣ ታካሚውን በሚጎዱ መዝገቦች ላይ። ከዚያ በፊት ግን የሌሊት ዝውውርን በዚያው ሌሊት የሚመዘግብ ሰው ይመደብ።